ፋክተሪንግ በካርቶን ቁራጮች፦ ክፍል ውስጥ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ዕቃው ሦስት ዓይነት ነው። ትልቁ ካሬ ጎኖቹ x በ x ናቸው፣ ስፋቱም x² ነው። ረጅሙ ቁራጭ x በ 1 ነው። ትንሹ ካሬ 1 በ 1 ነው። ተማሪዎቹ የተሰጣቸውን በሙሉ ተጠቅመው ክፍተት የሌለው ሬክታንግል ይሠራሉ። የሬክታንግሉ ሁለት ጎኖች ፋክተሮቹ ናቸው። ለመጀመሪያው ቀን x² + 5x + 6 ይበቃል፦ 1 ትልቅ፣ 5 ረጅም፣ 6 ትንሽ።

ችግር፦ ቁራጮቹ እየበረሩ ነው።
ከወረቀት ስለተቆረጡ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ቬንትሌተሩን አጥፉ ማለት ደግሞ አይቻልም። ታይዋን ገበያ ካሉ ሱቆች ባዶ ካርቶን ለምኑና ከእሱ ቁረጡ።

ችግር፦ "ቲቸር፣ x እኮ 4 ነው!"
ልጁ አልተሳሳተም፣ ጥፋቱ የመቀሱ ነው። ትንሹን 2 ሳ.ሜ፣ ረጅሙን 8 ሳ.ሜ ከቆረጣችሁ አራት ትንንሾች ረጅሙ ላይ ልክክ ይላሉ። ከዚያ አራቱን ሰጥቶ አንድ ረጅም መውሰድ ይጀመራል፣ ጥያቄውም ሌላ ይሆናል። ረጅሙን 7 በ 2፣ ትልቁን 7 በ 7 ሳ.ሜ አድርጉት። ሦስት ትንንሾች ያንሳሉ፣ አራተኛው ይተርፋል። x ያልታወቀ ቁጥር ሆኖ ይቆያል።

ችግር፦ ስድስቱ ትንንሾች ቦታ አጡ።
ብዙ ቡድን የሚቆመው እዚህ ነው። አምስቱን ረጃጅሞች በትልቁ ካሬ አንድ ጎን ብቻ ደርድረዋል። እሱ ራሱ ሙሉ ሬክታንግል ነው፣ x በ x + 5። ትንንሾቹ የሚገቡበት ጥግ አልተረፈም።

እጃችሁን አታስገቡ። ረጃጅሞቹን አንስተው ከትንንሾቹ እንዲጀምሩ ንገሯቸው። ትልቁን ካሬ ከላይ በግራ፣ ስድስቱን ደግሞ በሰያፍ ታች በቀኝ በሬክታንግል ቅርጽ ያስቀምጡ። 1 በ 6 ከደረደሩ ክፍተቱን ለመሙላት 7 ረጃጅሞች ያስፈልጋሉ፣ ያለው ግን 5 ነው። 2 በ 3 ሲያደርጉት በአንድ በኩል 2፣ በሌላው 3 ረጃጅሞች ገብተው ይዘጋል። ሁለት ቁጥሮች ሲባዙ 6፣ ሲደመሩ 5 የሚለውን ሕግ ሰሌዳ ላይ የምትጽፉት ከዚህ በኋላ ነው። ቀድማችሁ ከጻፋችሁት ካርቶኑን የሚነካ አይኖርም።

ችግር፦ ሬክታንግሉ ትክክል፣ መልሱ ግን (x + 2) + (x + 3)።
ስፋትና ዙሪያ ተምታቶባቸዋል። ከላይኛው ጠርዝ ውጭ x + 3፣ ከግራው x + 2 በጠመኔ ይጻፉ። ከዚያ አባዝተው ወደ x² + 5x + 6 መመለሱን ይዩ።

ችግር፦ ምንም ቢያደርጉ አይዘጋም።
ቁራጮቹን አስቆጥሩ፣ አንዱ ጠረጴዛ ሥር ወድቆ ይሆናል። ካልጎደለ ጥያቄውን ተመልከቱ። x² + 5x + 5 አይዘጋም፣ ምክንያቱም 5 ትንንሾች የሚደረደሩት 1 በ 5 ብቻ ሲሆን 6 ረጃጅሞች ይፈልጋሉ። በሙሉ ቁጥሮች ፋክተር አይደረግም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አንድ ጥያቄ ሆን ብላችሁ መጨረሻ ላይ ስጡ። ኔጌቲቭ ያለበትን ግን ለሌላ ክፍለ ጊዜ ተዉት፣ ለእሱ ሌላ ቀለም ያላቸው ቁራጮች ያስፈልጋሉ።