ፋኑ ሲነሳ አልከፈት ያለው የደረጃ በር

ደሴ ላይ አንድ ባለ 12 ፎቅ ሕንፃ ስንፈትሽ ነው። እሳት ሲነሳ ጭስ እንዳይገባ ደረጃው ውስጥ አየር የሚነፋው የአደጋ ጊዜ ፋን ሲነሳ የደረጃው በሮች አልከፈት አሉ። የጽዳት ሠራተኛ የሆኑ አንዲት እናት በትከሻቸው ገፍተው «ልጄ፣ ተቆልፏል እንዴ?» አሉኝ። አልተቆለፈም፤ የያዘው አየሩ ነው።

ደረጃው ውስጥ ያለውን ግፊት ስንለካ 110 ፓስካል ሆኖ ተገኘ። ዲዛይኑ 50 ነበር የሚለው። ሁሉም ፋኑን ጠረጠረ። ፋኑ ግን ልክ ነበር። ስሌቱ የበሩን ጠርዝ፣ የብሎኬቱን ስንጥቅና የኬብል ቀዳዳውን ደምሮ፣ አየር የሚሾልክበትን ክፍተት 0.3 ካሬ ሜትር ብሎታል። ልስኑ ጥሩ ስለተሠራና ቀዳዳዎቹ ስለተደፈኑ 0.2 ገደማ ብቻ ቀረ። ያው አየር በጠባብ መንገድ ሲወጣ ፍጥነቱ 1.5 እጥፍ ይሆናል፤ ግፊቱ ደግሞ የዚያ ካሬ፣ 2.25 እጥፍ።

0.9 በ2.1 ሜትር በር ላይ ይህ ግፊት እጀታው ጋ 113 ኒውተን ያህል ይጠይቃል። በሩን የሚመልሰው ክሎዘር 40 ሲጨምርበት 153 ይደርሳል። የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር፣ የኤንኤፍፒኤ ጣሪያ 133 ነው።

ክሎዘሩን እናላላው የሚል ሐሳብ መጣ። አልተቀበልኩትም፤ በሩ ሳይገጥም ከቀረ ጭስ ይገባል። የተደፈነውን መክፈትም አይሆንም፤ በር ሲከፈት የሚያስፈልገው አየር በዚያ ያልቃል።

ደረጃው አናት ላይ የግፊት ማስተንፈሻ ዳምፐር አስገባን። ከ50 ሲያልፍ ይከፈታል፤ ሲወርድ በራሱ ክብደት ይዘጋል። አሁን በሮቹ ሁሉ ተዘግተው 55 ፓስካል ነው። በእጀታው ላይ በስፕሪንግ ሚዛን ስንስብ 96 ኒውተን አነበብን። ሁለት በር ከፍተን ስናየው ዳምፐሩ ግጥም ብሎ ተዘጋ።