የእቁብ ሒሳብን በራስ ደብተር እንዴት መያዝ ይቻላል?

የእቁቡ ጸሐፊ መዝገብ አለው፤ ግን እሱ የሚይዘው የሁሉንም አባል ሒሳብ ነው። የእናንተ የአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ አንድ ገጽ ይበቃዋል።

በምሳሌ እንሂድ። በየእሁዱ የሚጣል፣ 20 እጅ ያለው እቁብ ነው። አንዱ እጅ 2,000 ብር፣ ዕጣው 40,000 ብር። እናንተ አንድ ሙሉ እጅ ገብታችኋል።

መጀመሪያ ገጹ አናት ላይ የማይለወጠውን ጻፉ፦ የተጀመረበትን ቀን፣ የእጁን ብዛት፣ የሰብሳቢውን ክፍያና የሚዘገይ ሰው የሚቀጣውን። ከሥሩ ከ1 እስከ 20 ቁጥር አውርዱ። ቀን ብቻ መጻፍ ያሳስታል። ፋሲካ መጥቶ አንድ እሁድ ከተዘለለ በካላንደር የምትቆጥሩት ሳምንትና የወጣው ዕጣ አይገጥሙም።

በየቁጥሩ ጎን ቀኑን፣ የጣላችሁትንና ዕጣው የወጣለትን ሰው አስፍሩ። በቴሌብር ወይም በባንክ ከላካችሁ የግብይት ቁጥሩን ገልብጡ። ስክሪንሾት ብቻ ከያዛችሁ ስልኩ ሲጠፋ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። በጥሬው ከሆነ ሰብሳቢው እዚያው ይፈርምላችሁ። በሰው እጅ ከላካችሁ ደግሞ በማን እጅ እንደላካችሁ ጻፉ፤ «ልኬ ነበር»፣ «አልደረሰኝም» የሚባለው ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን 7ኛው ዕጣ ወጣላችሁ እንበል። የዛሬውን ጨምሮ የጣላችሁት 14,000 ብር ነው። የበላችሁት 40,000። ስለዚህ 26,000 ብር የሌሎች አባላት ገንዘብ እጃችሁ ላይ አለ፣ የ13 ሳምንት ዕዳ ማለት ነው። ይህን ቁጥር በቀይ ጻፉትና በየሳምንቱ 2,000 ቀንሱለት። 20ኛው ላይ ዜሮ ካልመጣ፣ ወይ ያልተከፈለ ወይ ያልተጻፈ ሳምንት አለ።

ሰብሳቢው 500 ብር ቆርጦ 39,500 ቢሰጣችሁስ? ዕዳችሁ ያው 26,000 ነው። ከ39,500 ላይ 14,000 ቀንሶ «25,500 ነው የቀረብኝ» የሚል አይጠፋም፤ መጨረሻ ላይ 500 ብር ሲጎድል ነው ጠቡ። የተቆረጠውን ለብቻው በሌላ መስመር ያዙት።

ዕጣ መለዋወጥ ግን ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሠርግ ያለባት ጓደኛችሁ ለምናችሁ 7ኛውን ሰጣችኋት እንበል። በዚያው ቁጥር ጎን «ለእሷ ተሰጠ፣ እሷ በልታለች፣ እኔ ገና ነኝ» ብላችሁ ጻፉ፤ እናንተ፣ እሷና ጸሐፊው ፈርሙበት። ዋሷም መለዋወጣችሁን ይወቅ፤ ከዛሬ ጀምሮ ባለዕዳዋ እሷ ናት። ከዚያ የጸሐፊውን መዝገብ ተመልከቱ። ዕጣው በእናንተ ስም ስለወጣ «በልቷል» የሚለው ምልክት ስማችሁ ላይ ሊቀር ይችላል። ምልክቱ ወደ እሷ ስም ካልዞረ፣ እሷ ሁለተኛ ዕጣ ውስጥ ትገባለች፣ እናንተ ትወጣላችሁ። በሚቀጥለው እሁድ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት የሚጠቀለሉትን ወረቀቶች በዓይናችሁ እዩ።