ጎልጂ እንደ ጣና፦ ስለ ቪኤስቪጂ-ጂኤፍፒ ጥናት የ20 ደቂቃ የጆርናል ክለብ ንግግር አዘገጃጀት

በጆርናል ክለብ አድማጭ የሚያንቀላፋው አብዛኛውን ጊዜ አቅራቢው ጽሑፉን ከመግቢያው እስከ መደምደሚያው በተራ ሲያነብለት ነው። ከዚያ ይልቅ አንድ ጥያቄ ይዞ መግባትና ሥዕሎቹን ሁሉ ለዚያ ጥያቄ ማስመስከር ይሻላል። እዚህ የምናዘጋጀው ንግግር በባሕር ዳር ፔዳ ግቢ ከሰዓት በኋላ ለሚሰበሰቡ የባዮሎጂ ማስተርስ ተማሪዎች ነው። ጽሑፉ ኮሬት ሂርሽበርግ፣ ጄኒፈር ሊፒንኮት ሽዋርዝና ባልደረቦቻቸው በ1998 በጆርናል ኦቭ ሴል ባዮሎጂ ያሳተሙት ነው። በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ አንድ ፕሮቲን ከተሠራበት ቦታ፣ ከኢአር፣ ተነሥቶ ጎልጂ በሚባለው የሕዋሱ ክፍል አልፎ ሽፋኑ ጋ እስኪደርስ ድረስ ጂኤፍፒ በሚባለው አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ብርሃን ተከትለውታል፤ ጉዞውንም በቁጥር ለክተውታል።

ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ፕሮቲን የሚያመላልሰው መሣሪያ ጭነት ሲበዛበት ይጨናነቃል ወይስ አይጨናነቅም?

መክፈቻ፣ 3 ደቂቃ

ስለ ጂኤፍፒ ግኝትና ስለ 2008ቱ የኖቤል ሽልማት የሚያትት ስላይድ አያስፈልግም፤ ሁሉም ሰምቶታል፣ ደቂቃም ይበላል። እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ፦

«እንደምን ዋላችሁ። ኢአር ውስጥ የተሠራ ፕሮቲን ወደ ጎልጂ፣ ከጎልጂም ወደ ሕዋሱ ሽፋን እንደሚሄድ ሁላችንም ተምረናል። በመማሪያ መጽሐፉ ላይ ግን ቀስቱ እንጂ ሰዓቱ የለም። ዛሬ የምናየው ጽሑፍ በቀስቶቹ ላይ ሰዓት ያስቀምጣል።»

ከዚያ ጎልጂን በጣና መስሉት፤ ለባሕር ዳር ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ግልገል አባይ ወደ ሐይቁ ይገባል፣ ዓባይ ከሐይቁ ይወጣል። መውጫው ክፍት ከሆነ ሐይቁ ሲሞላ ብዙ፣ ሲጎድል ጥቂት ውኃ ይወጣል። በሐይቁ መውጫ ላይ ያለው የጨረጨራ በር ጠበብ ተደርጎ ከተያዘ ግን ሐይቁ ቢሞላም የሚያልፈው በሩ የሚፈቅደው ያህል ብቻ ነው። ጥያቄያችን እንግዲህ ከጎልጂ መውጫ ላይ ጨረጨራ አለ ወይ የሚል ይሆናል። ምሳሌውን እዚህ ላይ ተዉት። ስለ ዝናብና ስለ ትነት መናገር ከጀመራችሁ አድማጩ ሕዋሱን ረስቶ ሐይቁን ይከተላል።

የሙቀቱ ብልሃት፣ 4 ደቂቃ

ቪኤስቪጂ የከብትንና የፈረስን አፍ የሚያቆስል ቫይረስ የሽፋን ፕሮቲን ነው። ቲኤስ045 የሚባለው ዝርያው በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በትክክል አይታጠፍም፤ ስለዚህ ኢአር ውስጥ ታግቶ ይቀራል። ሙቀቱ ወደ 32 ዲግሪ ሲወርድ ይታጠፍና ይለቀቃል። ሰዓት መያዝ የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁሉም ከአንድ መነሻ፣ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ይህ ሳይገባው ወደ ሥዕሎቹ የሄደ አድማጭ ቀሪውን ሁሉ ያጣዋልና እዚህ አትቸኩሉ።

ቀጥሎ ጂኤፍፒው የት እንደተለጠፈ ንገሩ። ጂኤፍፒ 238 አሚኖ አሲድ ያለው፣ በርሜል የመሰለ ፕሮቲን ነው፤ ክብደቱ ወደ 27 ኪሎዳልተን ይጠጋል። የተለጠፈው በቪኤስቪጂ ጅራት ላይ ነው፤ ጅራቱም ወደ ሳይቶፕላዝም የዞረ ነው። ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ጂኤፍፒ አሲድ አይወድም፤ ፒኤች 6 አካባቢ ሲደርስ ብርሃኑ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በኢአርና በጎልጂ ውስጠኛ ክፍል በኩል ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ፕሮቲኑ አሲዳማ ክፍል በገባ ቁጥር ብርሃኑ ይደበዝዝ ነበር፤ እኛም ፕሮቲኑ ጠፋ እንል ነበር። ሳይቶፕላዝም ግን ገለልተኛ ስለሆነ ብርሃኑ በየቦታው አንድ ዓይነት ትርጉም ይኖረዋል። ጽሑፉ ብርሃንን ወደ ብዛት ለመቀየር የቻለው ይህን ይዞ ነው።

ቁጥሮቹ፣ 8 ደቂቃ

ሦስት ቁጥሮች ብቻ አሳዩ። ከኢአር ወደ ጎልጂ በየደቂቃው በአማካይ 2.8 በመቶ ይሄዳል። ከጎልጂ ወደ ሽፋኑ 3.0 በመቶ ይወጣል። ከሽፋኑ ወደ መፍረሻ ቦታው የሚሄደው 0.25 በመቶ ነው። ብዙ አቅራቢ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ «በየደቂቃው 2.8 በመቶ» ማለት በዚያ ደቂቃ ካለው እንጂ መጀመሪያ ከነበረው አይደለም። በቃል ብቻ ከተነገረ ስለማይያዝ በሰሌዳ ላይ ጻፉት፦

«ኢአር ውስጥ 100 ነበር እንበል። ከ10 ደቂቃ በኋላ 76፣ ከ20 በኋላ 57፣ ከ30 በኋላ 43 ይቀራል። የሚቀነሰው መጠን እያነሰ ሄደ፤ 24፣ ከዚያ 19፣ ከዚያ 14። ጥምርታው ግን አልተለወጠም፤ ሁልጊዜ ከነበረው 76 በመቶው ይቀራል። መሣሪያው ተጨናንቆ ቢሆን ኖሮ 100፣ 76፣ 52፣ 28 እናይ ነበር፤ በየ10 ደቂቃው እኩል 24 እየተቀነሰ።»

የንግግሩ እምብርት ይህ ነው። ደራሲዎቹ ያገኙት የመጀመሪያውን ዓይነት ነው። ሙከራው ሲጀመር ኢአር በፕሮቲን የተሞላ ነው፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ይቀረዋል፤ በየደቂቃው የሚሄደው ድርሻ ግን አልተለወጠም፤ ከጎልጂ የሚወጣውም ድርሻ እንዲሁ። ስለዚህ በዚህ ሙከራ ውስጥ መሣሪያው አልተጨናነቀም፤ ጨረጨራ የለም።

ኩርባውን ራሳችሁ ሠርታችሁ ብታሳዩ ከጽሑፉ የተቀዳ ሥዕል ከማሳየት ይበልጣል። በኤክሴል ዓምድ A ላይ ደቂቃውን ጻፉ፤ የመጀመሪያው ቀመር ለኢአር፣ ሁለተኛው ለጎልጂ ነው፦

```
=100*EXP(-0.028*A2)
=100*0.028/(0.030-0.028)*(EXP(-0.028*A2)-EXP(-0.030*A2))
```

በእነዚህ አማካዮች ሲሰላ ጎልጂ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው 34 ወይም 35 ደቂቃ ገደማ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ከጠቅላላው 35 በመቶ ያህሉን ይዟል። በ60 ደቂቃ ኢአር ውስጥ 19፣ ጎልጂ ውስጥ 29 ወይም 30 ይቀራል፤ የተረፈው ከሞላ ጎደል ሽፋኑ ላይ ነው። ይህ ከአማካይ የወጣ የእናንተ ስሌት እንጂ የደራሲዎቹ ልኬት አለመሆኑን ስላይዱ ላይ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ በጥያቄ ጊዜ ትያዛላችሁ።

«አንድ ሞለኪውል ስንት ጊዜ ይቆያል?» የሚል አይጠፋም። 1ን ለድርሻው አካፍሉ። 1 ለ0.028 ሲካፈል 36 ደቂቃ ይሆናል፤ አማካይ ቆይታው ይህ ነው። ግማሹ የሚወጣበት ጊዜ ግን 25 ደቂቃ ነው፣ ምክንያቱም 36 በ0.693 ይባዛል። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው።

ስለ ተሸካሚዎቹ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከጎልጂ ወደ ሽፋኑ ጭነቱን በዋናነት የሚያደርሱት መጽሐፉ ላይ የምናያቸው ትናንሽ ክብ ከረጢቶች ሆነው አልተገኙም፤ ቅርጻቸውን እየለዋወጡ በማይክሮቱቡል ላይ የሚሄዱ ትላልቅ ቱቦዎች ናቸው። አንዱ እስከ 10,000 ሞለኪውል ይጭናል፤ ኮስ በሚባሉት የጦጣ ኩላሊት ሕዋሳት ውስጥ አማካይ ዕድሜው 3.8 ደቂቃ ነው። ቪዲዮ ካላችሁ የሚታየው እዚህ ጋ ነው።

ትችት፣ 3 ደቂቃ

«የናሙናው ብዛት አነስተኛ ነው» የሚለው የሰነፍ ትችት ነው። ብርሃንን ወደ ቁጥር መቀየር የት የት ሊያሳስት እንደሚችል ጠይቁ።

መጀመሪያ መደብዘዝ። ጂኤፍፒ በሌዘር በተመታ ቁጥር ጥቂቱ ለዘለቄታው ይጠፋል። በየደቂቃው 1 በመቶ ቢደበዝዝ፣ ከኢአር የሚወጣው 2.8 ሳይሆን 3.8 በመቶ መስሎ ይታያል። የሚለየው እንዲህ ነው፦ ሕዋሱን በ40 ዲግሪ እንዳለ አግታችሁ በዚያው ሌዘር፣ በዚያው የጊዜ ልዩነት ታነሡታላችሁ። ፕሮቲኑ የትም ስለማይሄድ የሚጎድለው ብርሃን በዋናነት የመደብዘዝ ነው። ከሦስቱ ቁጥሮች ለዚህ በጣም የተጋለጠው ትንሹ፣ 0.25ቱ ነው። በየደቂቃው 0.1 በመቶ ብቻ የሆነ መደብዘዝ ለኢአር ቁጥር ኢምንት ነው፤ ከ0.25 ላይ ግን 40 በመቶውን ይይዛል።

ሁለተኛው የክልሉ ድንበር ነው። ጎልጂን ከብበን ብርሃኑን ስንለካ ከላዩና ከታቹ ያለውን ኢአርም አብረን እንለካለን፤ በኒውክለስ አካባቢ ደግሞ ኢአር ጥቅጥቅ ያለ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ሙቀቱ ገና ሳይወርድ፣ በዜሮ ደቂቃ፣ የጎልጂው ክልል ዜሮ አያሳይም። ያ ትርፍ በየደቂቃው ካለው የኢአር መጠን ጋር እያነሰ እንደሚሄድ ታስቦ መቀነስ አለበት። መጀመሪያ ላይ የነበረውን አንድ ቁጥር እስከ መጨረሻው መቀነስ ኋላ ላይ ጎልጂን ባዶ ያስመስላል።

ሦስተኛው አዲስ ፕሮቲን ነው። ሙከራው እየሄደ ሕዋሱ አዲስ ቪኤስቪጂ መሥራቱን ከቀጠለ ኢአር በአንድ በኩል እየጎደለ በሌላ በኩል ይሞላል፤ ፍጥነቱም ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። ሳይክሎሄክሲማይድ የሚባለው መድኃኒት የፕሮቲን ሥራን ያስቆማል፤ የዘዴውን ክፍል በዚህ ዓይን አንብባችሁ ግቡ።

ክፍሉና ጥያቄው፣ 2 ደቂቃ

ከሰዓት በኋላ መስኮቱ በሐይቁ በኩል ሲሆን አረንጓዴ በጥቁር ላይ የተነሣ ሥዕል ከፕሮጀክተሩ ላይ አይታይም። ሥዕሉን ፊጂ በሚባለው የሥዕል መተንተኛ ፕሮግራም ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩና ገልብጡት፤ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ብርሃን ይሁን። ትእዛዙ `Edit > Invert` ነው። ለማሳያ እንጂ ለመለካት ግን የተገለበጠውን ፋይል አትጠቀሙ። ቪዲዮውን ከስላይዱ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡት፤ በሌላ ላፕቶፕ ላይ ስላይዱ ተከፍቶ ቪዲዮው እንቢ ማለቱ የተለመደ ነው። መብራት ቢጠፋ ደግሞ ከቪዲዮው 0፣ 10፣ 20፣ 35 እና 60 ደቂቃ ላይ የተወሰዱ አምስት ፍሬሞችን በአንድ ወረቀት አትማችሁ ብትይዙ ንግግሩ አይቆምም፤ የኢአሩ ቁጥሮች እንደሆነ ሰሌዳው ላይ አሉ።

ንግግሩን በጥያቄ ዝጉ፦ «እነዚህ ሕዋሳት የተሞሉት በአንድ ፕሮቲን ነው። ሁለት የተለያዩ ፕሮቲኖች አንዱን መውጫ ቢሻሙ ኩርባው አሁንም 76፣ 57፣ 43 ይሆናል ትላላችሁ?»