ተታለው የላኩት ብር እንዲመለስ ለባንክ አቤቱታ እንዴት ይጻፋል?

ከመጻፍዎ በፊት ወደ ባንክዎ የጥሪ ማዕከል ይደውሉና የተቀባዩ ሂሳብ እንዲታገድ ይጠይቁ። ደብዳቤው በዚያው ቀን ይከተላል። በእጅ ቢጻፍም ችግር የለውም፤ ለጸሐፊ ተራ ሲጠብቁ ሰዓት አያባክኑ።

ቀን፣ የቅርንጫፉ ስም፣ የእርስዎ ስም፣ ስልክና የሂሳብ ቁጥር የተለመደ ነው። ዋናው ነገር «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ነው። እኔ የተጎዳሁት እዚያ ላይ ነው። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሱቅ አለኝ ያለ ሰው በቴሌግራም ፍሪጅ አሳየኝ፤ 18,500 ብር ላክሁለት፤ ወዲያው ስልኩን ዘጋ። እኔም «በስህተት የላክሁት ገንዘብ እንዲመለስልኝ» ብዬ ጻፍሁ። ስህተት ማለት ቁጥር ተሳስቶ ሌላ ሰው ጋ የገባ ብር ነው። ስለዚህ ሠራተኛዋ ለተቀባዩ ደውላ ፈቃዱን ጠየቀች። «የዕቃ ዋጋ ነው» አላት፤ በማግስቱ ሂሳቡ ላይ 600 ብር ብቻ ቀረ። ራሳችን አስጠነቀቅነው ማለት ነው።

ባንክ በእርስዎ ደብዳቤ ብቻ ከሌላ ሰው ሂሳብ ብር አያነሳም፤ የባለሂሳቡ ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄውን ለሁለት ይክፈሉት፤ መጀመሪያ እገዳ፣ ከዚያ ተመላሽ። ሁለተኛው ደብዳቤዬ እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ በማታለል የተወሰደብኝ 18,500 ብር እንዲታገድልኝና እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም ከጠዋቱ 4፡14 ሰዓት ላይ ፍሪጅ እሸጣለሁ ያለኝ ሰው በሐሰት አሳምኖኝ ከላይ የተጠቀሰውን ብር ልኬለታለሁ። ዕቃውን አላስረከበኝም። ስለዚህ ቀሪው ገንዘብ ወጪ እንዳይሆን ዛሬውኑ እንዲታገድልኝ፣ ሂሳቡ በሌላ ባንክ ከሆነም ለዚያ ባንክ እንዲጻፍልኝ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳቀርብም እንዲመለስልኝ አመለክታለሁ።»

ከዚህ በታች የተቀባዩን ስምና ሂሳብ፣ የግብይቱንም መለያ ቁጥር ከደረሰኙ ላይ ፊደል በፊደል ይገልብጡ። ሰዓቱን ግን ይጠንቀቁ። የእኔ ደረሰኝ 10:14 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር 4፡14 ነው። ቀኑም በፈረንጅ ነበር። ሁለቱንም ጎን ለጎን ቢጽፉ ሠራተኛው ግብይቱን ሲፈልግ አይደናገርም።

ደረሰኙንና የቴሌግራም ንግግሩን አትመው ያያይዙ። የሰውየው ስልክ ቁጥርና የተጠቃሚ ስም የሚታይበት ገጽ አይቅር፤ አታላዮች ንግግሩን ከሁለቱም ወገን ያጠፋሉና በቅድሚያ ፎቶ ያንሱት።

ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። አንዱ «ገቢ» የሚል ማህተም፣ ቀንና ቁጥር ተደርጎበት በእጅዎ ይመለስ። በቃል «አይተነዋል» ቢሏችሁ አትቀበሉ። ያንን ቅጂ ይዘው በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ያመልክቱ፤ ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስከስሳል፤ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ የሚያመጣውም ይኸው መንገድ ነው። ብሩ ቀድሞ ከወጣ ግን እገዳው የሚይዘው የቀረውን ብቻ ነው። እኔም ያሳገድሁት 600ውን ነው፤ ለሌላው ክሱን ቀጥያለሁ።