ትሉሹ ላይ ተቆርጦ ፔንሲያው ላይ የጠፋ ወር

እዚህ እስራኤል ብዙዎቻችን የደመወዝ ወረቀታችን፣ ትሉሹ ላይ የፔንሲያ ተቀናሽ ካየን ገንዘቡ ገብቷል ብለን እናምናለን። ትሉሹን የሚያዘጋጀው ግን አሠሪው ራሱ ነው። መቁረጡን እንጂ ማስገባቱን አያሳይም። ማስገባቱን የሚያሳየው የፔንሲያ ድርጅቱ በየዓመቱ የሚልከው ሪፖርት፣ ዶኽ ሽናቲ የሚባለው ነው።

ምልክቱ

ሪፖርቱ ላይ የተቀማጭ ገንዘቦች ሠንጠረዥ አለ። ሁለት የቀን ዓምዶች አሉት። አንዱ ገንዘቡ የገባበት ቀን ነው። ሌላው ገንዘቡ የየትኛው ወር ደመወዝ እንደሆነ ይናገራል። የሚያሳስተን መጀመሪያው ነው፤ ማንበብ ያለብን ሁለተኛውን ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። የወር ደመወዟ 7,000 ሸቀል የሆነ ሴት የ2023 ሪፖርቷን አየች። 11 መስመር ቆጠረች። «አንድ ወር ጎደለኝ» አለች። መስመር በመስመር ስናየው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው መስመር የ12/2022 ደመወዝ ነው፤ በጃንዋሪ ስለገባ ነው እዚህ የተጻፈው። የ04/2023 ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት መስመር ገብቷል። 05 እና 06 ጭራሽ የሉም። የ12/2023 ገና በሚቀጥለው ሪፖርት ይመጣል። ስለዚህ የጎደለው አንድ ሳይሆን ሁለት ወር ነው።

መስመር አትቁጠሩ። ወረቀት ላይ ከ01 እስከ 12 ጽፋችሁ፣ የደመወዝ ወሩን ዓምድ እያያችሁ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ባዶ የቀሩትን ወሮች ትሉሽ አውጡ።

የእሷ የ05 እና የ06 ትሉሽ ላይ 420፣ 420 ሸቀል ተቆርጧል። ይህ የሠራተኛው 6% ነው። አሠሪው ከራሱ 6.5% ማለትም 455፣ ከሥራ ሲወጣ ለሚከፈለው ካሳ፣ ለፒጹዪም ደግሞ 6% ማለትም 420 መጨመር ነበረበት። በወር 1,295፣ በሁለት ወር 2,590 ሸቀል ጠፍቷል። እነዚህ የአጠቃላዩ ሕግ ዝቅተኛ መጠኖች ናቸው፤ በጽዳትና በጥበቃ ሥራ ከዚህ ይበልጣሉ።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ስርቆት አይደለም

አዲስ ሥራ ከጀመራችሁ የመጀመሪያዎቹ ወሮች ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህ በፊት ፔንሲያ ለሌለው ሰው በአጠቃላዩ ሕግ ግዴታው የሚጀምረው ከ6 ወር በኋላ ነው። እንዲህ ከሆነ ግን ትሉሹም ላይ ምንም አይቆረጥም። ዋናው መለያ ይሄ ነው፦ ካልተቆረጠ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ከተቆረጠ ግን ገንዘቡ የሆነ ቦታ መኖር አለበት።

ሌላ ድርጅት ውስጥ ገብቶም ሊሆን ይችላል። ወይም የተኡዳት ዜሁት ቁጥር ተሳስቶ ይሆናል። የእኛ ስም በዕብራይስጥ በየቦታው በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ ስሙን ብቻ አትመኑ፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ አመሳክሩ። በስማችሁ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማየት የፔንሲያ መረጃን ከሁሉም ድርጅቶች የሚያሰባስበው ሚስላካ ፔንስዮኒት ላይ መጠየቅ ይቻላል።

እዚያም ከሌለ አሠሪው ቆርጦ አስቀርቶት ሊሆን ይችላል። በእስራኤል የደመወዝ ጥበቃ ሕግ ከሠራተኛ ቆርጦ ወደሚገባው ቦታ አለማስተላለፍ ወንጀል ነው። እስከ 2 ዓመት እስራት ያስቀጣል።

መፍትሄው

መጀመሪያ ፔንሲያ ድርጅቱ ጋ ደውሉ። «ለ05 እና ለ06/2023 ደመወዝ የገባ ነገር አለ?» ብላችሁ ወሩን ጠርታችሁ ጠይቁ። የለም ካሉ በጽሑፍ አስልኩ።

ቀጥሎ ለአሠሪው በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዋትስአፕም ይሆናል። ሁለቱን ትሉሾች አያይዙ። «አስገብቻለሁ» ካለ የባንክ ማስተላለፊያውን ማስረጃና ለየትኛው ወር እንደገባ እንዲያሳይ ጠይቁ። በቃል «እናስተካክላለን» ማለት መልስ አይደለም። እኔ ከሁለት ሳምንት በላይ አልጠብቅም። ከዚያ የሠራተኞችን መብት ወደሚያስከብረው ድርጅት ቃቭ ላኦቬድ፣ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ሂስታድሩት ወይም ወደ ሠራተኛ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ፔንሲያ ድርጅቱም ዕዳውን ከአሠሪው የመሰብሰብ ኃላፊነት አለበትና እዚያም ቅሬታ አስገቡ።

ክፍተቱ ዛሬም ከቀጠለ ግን አንድ ቀን አትቆዩ። ፔንሲያ ማኪፋ በሚባለው የፔንሲያ ዓይነት ውስጥ የአካል ጉዳትና የሞት ዋስትናም አለ። ገንዘብ መግባቱ ሲቆም ዋስትናው በአብዛኛው የሚቆየው እስከ 5 ወር ብቻ ነው። በሥራ ላይ ሆናችሁ፣ በየወሩ እየተቆረጠባችሁ፣ ያለ ዋስትና ልትቀሩ ትችላላችሁ።

አሠሪው ሲከፍልም ነገሩ አላለቀም። 2,590ውን በአንድ ላይ አስገብቶ የአሁኑን ወር ከጻፈበት 05 እና 06 ባዶ እንደሆኑ ይቀራሉ። ስለዚህ አዲሱን ዝርዝር አስልኩና የደመወዝ ወር ዓምዱ ላይ ሁለቱ ወሮች እያንዳንዳቸው በ1,295 መመዝገባቸውን እዩ።