አጉድሎ ከሚከፍል ገዢ ጋር የወተት ውልን እንዴት ማቋረጥ ይቻላል?

ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ላም የሚያረባ ሰው ፒያሳ ላለ አንድ ካፌ በቀን 40 ሊትር ወተት ያስረክባል እንበል። ሊትሩ በ70 ብር ሲታሰብ 2,800 ብር ነው። ባለካፌው 2,000 ይሰጥና «ቀሪውን ነገ» ይላል። ነገም እንደዚያው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ የሚያስረክበው በሳምንት አምስት ቀን ነው። ቀሪው በሳምንት 4,000፣ በ13 ሳምንት 52,000 ብር ይሆናል።

ይህን ገዢ ከባድ የሚያደርገው ጭራሽ የማይከፍል ሰው አለመሆኑ ነው። በየቀኑ ይከፍላል፣ ግን አጉድሎ። አቅራቢው ደግሞ «ካቆምኩበት የድሮውን ይክደኛል» ብሎ ይሰጋና ወተቱን ማመላለሱን ይቀጥላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። ዕዳውን የሚያስፈርሙት ወተቱ ገና እየሄደ እያለ ነው። ወተቱ ከቀረ በኋላ ባለካፌው ስልክ ላያነሳ ይችላል።

1. ሂሳቡን አስፈርሙ

ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሊትሩን፣ የተከፈለውንና ቀሪውን በየመስመሩ ይጻፉ። በቴሌብር ወይም በባንክ የገባ ገንዘብ ካለ መልእክቶቹን አያጥፉ። ከዚያ ባለቤቱን ራሱን ያግኙ። ወተት የምትረከበው ልጅ ፊርማ ወተቱ መድረሱን ያሳያል እንጂ ባለቤቱ ዕዳውን ማመኑን አያሳይም።

ወረቀቱ አጭር ይሁን፦ «እስከ ዛሬ ድረስ ከተረከብኩት ወተት 52,000 ብር ያልከፈልኩት ዕዳ አለብኝ።» ቀን፣ ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር።

ብዙ ጊዜ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። «እኔ እኮ አልክድህም፣ ግን የዚያን ሳምንት ወተት ተበላሽቶብኛል» ይላል። እዚያው ላይ አይሟገቱ። የተማመናችሁበትን 46,000 ብር ያስፈርሙ፤ ያልተስማማችሁበትን 6,000 ከነቀኑ ለብቻው ይጻፉት። በ6,000 ምክንያት የ46,000ው ፊርማ መቅረት የለበትም።

2. ጊዜውን ምረጡ

ላም ውል ፈረሰ ብላ ወተቷን አታቆምም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ካቋረጡ ሌላ ካፌም አይቀበልዎትም፤ 55 ቀን ሙሉ ወተቱን ወደ ቅቤ መለወጥ ሊኖርብዎ ነው። ቅቤው ለፋሲካ ገበያ ይደርሳል፣ የመኖ ወጪ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ቀናት ግን ከተማው እንግዳ ስለሚጠብቅ ሆቴሉም ካፌውም ወተት ይፈልጋል። ከፋሲካ ማግስት ያለው ጊዜም ጥሩ ነው። አዲሱን ገዢ በ10 ወይም በ15 ሊትር አስቀድመው ይጀምሩለት፤ አከፋፈሉንም ያዩበታል።

3. ማስጠንቀቂያ ስጡ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በመርህ ደረጃ «ውሉን አልፈጸመልኝም» ብሎ ለመከራከር መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል። በቃል ከመናገር በጽሑፍ ይሻላል። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በፈረሙት ወረቀት ላይ ያለውን ዕዳ እስከ ወሩ 30 ቀን እንዲከፍሉ እጠይቃለሁ። ከ15ኛው ቀን ጀምሮ ወተት የማስረክበው የዕለቱ ሂሳብ በሙሉ በእጅ ሲከፈል ብቻ ነው። ከ30ኛው ቀን በኋላ ማስረከብ አቆማለሁ።»

በሁለት ቅጂ ያዘጋጁት፤ አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርምልዎ። አልፈርምም ካለ በምስክር ፊት ይስጡት። ስድብ፣ ዛቻ፣ የድሮ ቅሬታ አያስገቡበት።

4. የመጨረሻዎቹን ቀናት አደራ

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እነዚህ ቀናት ላይ ነው። ባለካፌው 2,000 ይዞ ይመጣና «ለዛሬ እንኳን» ይላል። የዚያን ጊዜ 2,000 ብር የሚያወጣውን ወተት ብቻ ይቅዱለት፤ 28 ሊትር ተኩል ገደማ ነው። የተረፈውን ይዘው ይመለሱ።

ለአሮጌው ዕዳ የሚሰጠውን ገንዘብ ከዕለቱ ሂሳብ ጋር አያቀላቅሉ። ደረሰኙ ላይ «ከ52,000ው ዕዳ የተከፈለ፣ ቀሪ ይህን ያህል» ብለው ይጻፉ። «ሂሳባችን ተጠናቋል» የሚል ወረቀት ካቀረበ ሙሉውን ሳይቀበሉ አይፈርሙ። ጀሪካኖችዎንም በዚሁ ሳምንት ይሰብስቡ።

5. ካልከፈለ

ጎንደር ላይ ነጋዴው እርስ በርሱ ስለሚተዋወቅ ሽማግሌ መላክ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ገዢው የሚያከብራቸውን ሰዎች ይምረጡ። ሽማግሌዎች «ተውለት፣ ግማሹን ማርልኝ» ሊሉ ስለሚችሉ፣ ምን ያህል እንደሚተዉና ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጡ ከቤት ወስነው ይሂዱ። በየወሩ 10,000 ይከፈል ከተባለ፣ የመጀመሪያው ክፍያ እዚያው ይሰጥ፤ የቀሪዎቹም ቀን ተጽፎ ይፈረም። አንዱ ቀን ካለፈ የተፈረመውን ወረቀት፣ ማስጠንቀቂያውንና ደብተሩን ይዘው ፍርድ ቤት ይሄዳሉ።

ከፍሎ ከጨረሰም የመጨረሻውን ብር ቆጥረው ከተቀበሉ በኋላ የዕዳ ወረቀቱ ላይ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል» ብለው ፈርመው ይመልሱለት፤ ፎቶውን ግን ያስቀሩ።