ንድፈ ሐሳቡ ለጥናትዎ ለምን እንደሚስማማ የሚያስረዳ ማዕቀፍ እንዴት ይጻፋል?

በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የንድፈ ሐሳብ ማዕቀፍ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በአንድ ምክንያት ነው፤ ንድፈ ሐሳቡን በሦስት ገጽ ይተርክና «ስለዚህ ለዚህ ጥናት ተመርጧል» ብሎ ይዘጋል። «ስለዚህ» የሚለው ቃል ከፊቱ ምንም ምክንያት የለውም። «ብዙ ተመራማሪዎች ተጠቅመውበታል» የሚለውም ምክንያት አይደለም፤ የሌሎቹ ጥናት ጥያቄ ከእርስዎ ሊለይ ይችላልና።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንከተል። ጥናቱ በአንድ የገጠር ወረዳ የእርግዝና ክትትል የጀመሩ እናቶች ለምን ቤት እንደሚወልዱ በቃለ መጠይቅ ይመረምራል እንበል።

1. ከንድፈ ሐሳቡ በፊት የጥናቱን ባሕርይ ይጻፉ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ የሚጠናው ድርጊት ምንድን ነው፣ ውሳኔው የማን ነው፣ ከተወሰነ በኋላስ ድርጊቱን ምን ሊያስቀረው ይችላል? በምሳሌያችን ድርጊቱ በጤና ጣቢያ መውለድ ነው። በውሳኔው ባልና አማት ይገቡበታል። ምጥ በሌሊት ከመጣ ደግሞ እናቲቱ ብትወስንም መንገዱና አምቡላንሱ ሊያስቀሯት ይችላሉ። እነዚህ ሦስቱ የንድፈ ሐሳቡ መመዘኛዎች ይሆናሉ።

2. ንድፈ ሐሳቡን በአንድ አንቀጽ ያስተዋውቁ። ታዴየስና ሜይን በ1994 ያቀረቡት የሦስቱ መዘግየቶች ሞዴል እርዳታ ለመፈለግ በመወሰን፣ ተቋም በመድረስና እዚያም ተገቢውን እንክብካቤ በማግኘት ላይ የሚፈጠሩ መዘግየቶችን ይለያል። ከዚህ በላይ የሚጻፈው በኋላ በትንተናው የሚጠቀሙበት ብቻ ይሁን።

3. ከጠንካራ ተፎካካሪ ጋር ያወዳድሩ። የክፍሉ ዋና ሥራ እዚህ ነው። ተፎካካሪው በቀላሉ የሚጣል መሆን የለበትም፤ ፈታኙ ራሱ ሊያነሳው የሚችለውን ይምረጡ። ለምሳሌያችን የጤና እምነት ሞዴል ጥሩ ተፎካካሪ ነው። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሰዎች በነፃ የቀረበላቸውን የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ለምን እንደማይጠቀሙ ለማስረዳት የተነሣ ነው፤ ሰው ስለ አደጋው፣ ስለ ጥቅሙና ስለ እንቅፋቱ ያለውን ግምት ይመዝናል።

«ይህ ሞዴል ርቀትን አያይም» ብለው ግን አይጻፉ። እንቅፋት በሚለው ሥር ሊያየው ስለሚችል ፈታኙ በቀላሉ ይመልስልዎታል። ይልቁንም ሁለቱ ሞዴሎች የተለያየ መልስ የሚሰጡበትን ሁኔታ ይፈልጉ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«የጤና እምነት ሞዴል ርቀትን የሚያየው እናቲቱ በግምቷ የምትመዝነው እንቅፋት አድርጎ ነው። ጤና ጣቢያ ለመውለድ ወስና አምቡላንስ ስትጠብቅ ቤት የወለደችን እናት ግን በእምነቷ ማስረዳት አይቻልም። ይህ ጥናት እንዲህ ያሉትን እናቶች ከጅምሩ መሄድ ካልፈለጉት መለየት ስላለበት፣ ውሳኔንና ጉዞን ለየብቻ የሚያስቀምጠው የሦስቱ መዘግየቶች ሞዴል ይስማማዋል።»

4. የማይገጥመውን ይናገሩ፤ ማስተካከያውንም ያስቀምጡ። ሞዴሉ የተዘጋጀው በወሊድ ላይ ለሚደርስ ድንገተኛ ችግር ነው። መዘግየቱም ችግሩ ከተከሰተ ጀምሮ ይቆጠራል። በጤናማ ምጥ ላይ ያለች እናት ግን እንዲህ ያለ መነሻ የላትም። ስለዚህ የመጀመሪያው መዘግየት ከመቼ እንደሚቆጠር፣ ለምሳሌ ምጥ ከጀመረበት ሰዓት፣ በግልጽ ይወስኑ። ሦስተኛው መዘግየትም ያስቸግራል፤ ቤት የወለደች እናት በዚያ ወሊድ ጤና ጣቢያ አልደረሰችም። መፍትሔው ይህን ክፍል ቀድሞ ባጋጠማት ወይም ከጎረቤት በሰማችው አያያዝ በኩል መመልከትና ያ ወሬ ውሳኔዋን እንዴት እንደነካው መጠየቅ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ደረጃ ምርጫቸውን የሚያዳክም መስሏቸው ይዘሉታል፤ ፈታኝ መጀመሪያ የሚያየው ግን የተዘለለውን ነው።

5. እያንዳንዱን ክፍል ከመጠይቁ ጋር ያያይዙ። ለመጀመሪያው መዘግየት «ምጥ ሲጀምር ማን ምን አለ?»፣ ለሁለተኛው «ከቤት ለመውጣት ምን ሞከራችሁ?» የሚል ጥያቄ ሊኖር ይገባል። መጠይቁ ውስጥ ጥያቄ የሌለው የንድፈ ሐሳብ ክፍል ካለ ወይ ጥያቄ ይጨምሩለት፣ ወይ ከማዕቀፉ ያውጡት።

6. ረቂቁን በስም ቅያሬ ይፈትኑ። በማሳመኛው አንቀጽ ውስጥ የንድፈ ሐሳቡን ስም አውጥተው የተፎካካሪውን ያስገቡ። አንቀጹ አሁንም ትክክል መስሎ ከተነበበ ማሳመኛ አልጻፉም። ከላይ ያለው ናሙና ስሙ ሲቀየር ወዲያው ይፈርሳል፤ የጤና እምነት ሞዴል ውሳኔንና ጉዞን ለየብቻ አያስቀምጥምና። የእርስዎ አንቀጽ ካልፈረሰ ወደ 3ኛው ደረጃ ይመለሱና ሁለቱ የሚለያዩበትን አንድ ተጨባጭ ሁኔታ ይፈልጉ። ፈልገው ካጡ ምናልባት የተሻለው ንድፈ ሐሳብ ተፎካካሪው ሊሆን ይችላል፤ መረጃ መሰብሰብ ሳይጀመር መቀየሩ ይቀላል።